«ይሄን እኮ አውቀው ነበር!»

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ይጀምራል። የአብዛኛው ተማሪ አሠራር ተመሳሳይ ነው። ወረቀቱን ይሠራል፣ ከመልሱ ጋር ያመሳክራል፣ የሳተውን በቀይ ይሰርዛል፣ ከላይ «36/65» ብሎ ይጽፍና ወደ ሌላው ዓመት ያልፋል። የሳተውን ጥያቄ መልስ ሲያይ ደግሞ ከአፉ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ውይ፣ ይሄን እኮ አውቀው ነበር!»

አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። መልሱ ከፊት ተቀምጦ ሲታይ ሁሉም ነገር የሚታወቅ ይመስላል። ስለዚህ ስህተቱን ራሱ ተማሪው፣ መልሱን ካየ በኋላ፣ በስሜቱ እንዲሰይም ከተተወ አብዛኛውን «ዘንግቼ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ተዘነጋ የተባለ ነገር ደግሞ አይጠናም። ተማሪው በሚቀጥለው ጊዜ እንደሚጠነቀቅ ለራሱ ቃል ይገባና ያንኑ ጥያቄ በሌላ ዓመት ወረቀት ላይ ዳግም ይስተዋል።

የስህተት ደብተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የደብተሩ ሥራ የጠፋውን እያንዳንዱን ነጥብ ከሦስት ቦታ በአንዱ ማስቀመጥ ነው። አንደኛው ጽንሰ ሐሳቡ ያልገባ፣ ሁለተኛው የገባ ግን በመዘናጋት የተሳተ፣ ሦስተኛው ቢሠራ የሚመለስ ሆኖ ሳለ ሰዓት ያልበቃው። ሦስቱ በመልስ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ሰዓት ያጠረውን ልጅ መጽሐፍ እንደገና አንብብ ማለት ምንም አይረዳውም፤ ያልገባውን ልጅ ደግሞ ተጠንቀቅ ማለት እንዲሁ።

ነገሩን በአንድ ትምህርት ማየት ይሻላልና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን የሒሳብ ፈተና እንውሰድ። በብዛት የሚዞሩት የቀድሞ ወረቀቶች 65 ጥያቄ የያዙና 3 ሰዓት የተመደበላቸው ናቸው። ለአንድ ጥያቄ ሲካፈል 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ካልኩሌተር የለም፤ ሁሉም በእጅና በእርሳስ ነው።

የደብተሩ ሥራ የሚጀምረው ፈተናው ሲያልቅ ሳይሆን እየተሠራ ሳለ ነው። ወረቀቱ በአንድ መቀመጫ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ ርቆ መሠራት አለበት። በመሐል የሚደረጉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። ተማሪው በእርግጠኝነት ያልመለሰው ጥያቄ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል፤ በየ10 ጥያቄው ደግሞ ኅዳጉ ላይ ሰዓቱን ይጽፋል። ሁለቱም ጥቂት ሰከንድ አይፈጁም። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ግን በኋላ የትኛው መልስ በግምት እንደመጣ፣ ሰዓቱስ የት እንደጠፋ ማወቅ አይቻልም። ማስታወስ የሚቻል ይመስላል እንጂ ከሦስት ሰዓት ሥራ በኋላ 18ኛው ጥያቄ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘዴው ዋና ነገር ነው፤ እርማቱን ሌላ ሰው ያድርገው። ጓደኛ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ አስጠኚ፣ ማንም ቢሆን ይችላል። አራሚው የተሳቱትን ጥያቄዎች ቁጥር ብቻ ይናገራል፤ ትክክለኛውን ፊደል አይናገርም። ተማሪው በማግስቱ የተሳቱትንና የጥያቄ ምልክት የተደረገባቸውን ሁሉ በሌላ ቀለም፣ ያለ ሰዓት ገደብ፣ መልሱን ሳያይ እንደገና ይሠራል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ለምን እንደዚያ እንደሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል። ዳግመኛ ሠርቶ በትክክል ካገኘውና ምክንያቱን መናገር ከቻለ ነገሩ ገብቶታል፤ ነጥቡን የወሰደበት መዘናጋት ወይም ሰዓት ነው። እንደገና ከሳተው ወይም አግኝቶት ምክንያቱን መናገር ካቃተው አልገባውም። ከአራት ምርጫ አንዱ እንደተሳተ አስቀድሞ ስለሚታወቅ በሁለተኛው ሙከራ በዕድል የማግኘቱ ዕድል ከሦስት አንድ ይሆናል፤ ማብራሪያው የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

አንዲት ተማሪ እንደዚህ ሠራች እንበልና ቁጥሩ ምን እንደሚመስል እንከተለው። ከ65ቱ 36 አገኘች፣ 29 ሳተች። የመጨረሻዎቹን 10 ጥያቄዎች ሳታነባቸው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በግምት አጥቁራቸው ነበርና 8ቱ ተሳስተዋል፣ 2ቱ በዕድል ተገኝተዋል። ከ1 እስከ 55 ካሉት የሳተቻቸው 21 ናቸው። የትኞቹ እንደተሳቱ ስትሰማ ከ21ዱ 15ቱን «ዘንግቼ ነው»፣ 6ቱን «አላውቀውም» አለች። 8ቱ ያልተነበቡት ያው «ሰዓት» ናቸው።

በማግስቱ ዳግም ስትሠራቸው ሥዕሉ ተለወጠ። «ዘንግቼ ነው» ካለቻቸው 15 ውስጥ እውነትም የተዘነጉት 6 ብቻ ሆኑ፤ 9ኙን እንደገና ሳተቻቸው ወይም ማስረዳት አልቻለችም። ከ8ቱ የሰዓት ጥያቄዎች 5ቱን በቂ ጊዜ ስታገኝ ሠራቻቸው፣ 3ቱን ግን ቀኑን ሙሉ ብትሰጥም አትመልሳቸውም ነበር። «አላውቀውም» ያለቻቸው 6ቱ ባሉበት ቀሩ። ስለዚህ 29ኙ ስህተት ሲደለደል ያልገባት 18፣ የዘነጋችው 6፣ ሰዓት የወሰደባት 5 ሆነ። የመጀመሪያው ምዝገባ ቢታመን ኖሮ ዋና ችግሯ መዘናጋት ነው ተብሎ ይወሰድና የክረምቱን ጥናት በሙሉ ያሳስት ነበር።

ሌላም አለ። ካገኘቻቸው 36 ውስጥ 7ቱ በግምት የመጡ ነበሩ፤ 5ቱ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው፣ 2ቱ ከመጨረሻዎቹ የተገኙት። ዳግም ስትሠራቸው 4ቱን ሳተቻቸው። እነዚህም ወደ ደብተሩ ይገባሉ፣ ነጥብ ያስገኙ ቢሆኑም። 36 ከ65 ከ55 በመቶ በላይ ነው፤ 32 ከ65 ግን 49 በመቶ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ 50 በመቶ መስፈርት ከሆነበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ትንሽ አይደለም። መስፈርቱ የሚታየው በሁሉም ትምህርቶች ድምር ቢሆንም በአንዱ ትምህርት ያለ የተሳሳተ ግምት ጥናቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

አሁን ሦስቱን በየተራ፣ በጥያቄ እንያቸው። ከ15ቱ አንዱ ይህ ነበር፦

`(x − 1)/(x + 2) ≤ 2`

ተማሪዋ ሁለቱንም ወገን በ `x + 2` አባዝታ `x − 1 ≤ 2x + 4` አለች፤ ከዚያም `x ≥ −5` የሚለውን ምርጫ አጠቆረች። ተሳስታለች ስትባል «ምልክት ላይ ነው፣ ዘንግቼ ነው» አለች። እንደሚባለው ቢሆን ኖሮ ተረጋግታ ስትሠራው ማግኘት ነበረባት። በማግስቱ ግን እያንዳንዱን መስመር በጥንቃቄ እየጻፈች ያንኑ `x ≥ −5` አመጣች። እጇ አልሳተም። ኢንኢኳሊቲን ሁለት ወገን በአንድ ነገር ስናባዛ ያ ነገር ኔጋቲቭ ከሆነ ምልክቱ እንደሚገለበጥ ታውቃለች፤ በቁጥር ሲሆን ትጠቀምበታለች። ያላስተዋለችው `x + 2` ራሱ ኔጋቲቭ ሊሆን እንደሚችል ነው። ፊደል ያለበትን ነገር እንደ ፖዘቲቭ ቁጥር ትቆጥረዋለች። ይህ የመዘናጋት ሳይሆን የመረዳት ክፍተት ነው።

መልሷ ልክ እንዳልሆነ ራሷ ልታየው ትችላለች። `−3` እሷ ባገኘችው ውስጥ ይገባል፤ በቦታው ቢተካ `(−4)/(−1)`፣ ማለትም 4 ይመጣል፤ 4 ደግሞ ከ2 አያንስም። በሌላ በኩል `−6` ከመልሷ ውጭ ነው፤ ቢተካ `(−7)/(−4)` ወይም 1.75 ይሆናል፣ ያም ከ2 በታች ነው። ትክክለኛው መንገድ ሳያባዙ 2ን ወደ ግራ ማምጣት ነው። ታህቱን አንድ አድርጎ ሲቀለል `(x + 5)/(x + 2) ≥ 0` ላይ ይደረሳል፤ የላዕሉንና የታህቱን ምልክት በቁጥር መስመር ላይ ስናይ መልሱ `x ≤ −5` ወይም `x > −2` ነው።

በደብተሩ ላይ ለዚህ የሚጻፈው ምን ይሁን? አብዛኛው ተማሪ ሙሉውን ሥራ ይገለብጣል። እኔ አልመክርም። የተገለበጠ ሥራ ደብተሩን ይሞላል እንጂ ክፍተቱን አያሳይም። የሚጠቅመው «በ`x + 2` ያባዛሁት ሁልጊዜ ፖዘቲቭ መስሎኝ ነው» የሚለው አንድ መስመር ነው። ይህ መስመር የተሳሳተውን እምነት በስሙ ይጠራል። «ምልክት ተሳሳትኩ» የሚለው ግን ምንም አይናገርም፤ ለመቶ ጥያቄ ሊጻፍ ይችላል። መስመሩ በትክክል ከተጻፈ ወዴት መመለስ እንዳለባትም ይነግራታል። የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ያለው የራሽናል ኤክስፕሬሽን ምዕራፍ ነው እንጂ ሒሳብ በጠቅላላው አይደለም። ካልገቧት 18 ጥያቄዎች መካከል ምናልባት አምስት ስድስቱ ከዚሁ አንድ እምነት የመነጩ ሆነው ይገኛሉ፤ ደብተሩ በየጥያቄ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በየምዕራፉ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።

እውነተኛ መዘናጋት ምን እንደሚመስል ደግሞ ሌላው ጥያቄ ያሳያል። `f(x) = x³ − 6x² + 9x` ሎካል ማክሲመም ዋጋው ስንት ነው ይላል። ዴሪቬቲቩ `3(x − 1)(x − 3)` ነው፤ ማክሲመሙ `x = 1` ላይ ይገኛል፣ ዋጋው ደግሞ `f(1) = 4` ነው። ተማሪዋ 1ን አጠቆረች። በማግስቱ ጥያቄውን እንዳነበበች ሳትጽፍ «የተጠየቀው ዋጋው ነው፣ 4» አለች፤ `x` እና `f(x)` ያላቸውንም ልዩነት አስረዳች። ይህ የተዘነጋ ነው። ፈታኞች በመሐል የሚገኘውን ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል ማስቀመጥ ልማዳቸው ስለሆነ ተማሪው ቁጥሩን ሲያገኘው እንደጨረሰ ይሰማዋል።

መዘናጋትንም «ዘንግቼ» ብሎ መተው አይበቃም፤ የት ላይ እንደሆነ መለየት አለበት። ጥያቄውን ሲያነቡ ነው? ከጥያቄው ወደ ራፍ ሲገለብጡ? ሲደምሩና ሲቀንሱ? ወይስ በመልስ ወረቀቱ ላይ ሲያጠቁሩ? የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው። አንድ ጥያቄ የዘለለ ልጅ የ24ን መልስ 23 ላይ ካጠቆረ ሳያውቀው የሚከተሉትን ሁሉ ሊያዛባ ይችላል። የእያንዳንዱ መከላከያ አንድ ትንሽ የእጅ ልማድ ነው። ለንባቡ የተጠየቀውን ቃል ከሥሩ ማስመር፣ ለማጥቆሩ በየአምስት ጥያቄው ቁጥሮቹን ማመሳከር ይበቃል። ያው መዘናጋት በሦስት ወረቀቶች ላይ በተከታታይ ከመጣ ግን መዘናጋት መሆኑን እጠራጠራለሁ። ቅንፍ ፊት ያለውን ማይነስ ሁልጊዜ ለመጀመሪያው ብቻ የሚያደርስ ልጅ ምናልባት ማይነሱ ሁሉንም እንደሚመለከት ከመጀመሪያውም አልገባው ይሆናል። እንዲህ ያለው ስህተት ወደ መጀመሪያው ዓይነት ይዛወራል።

የሰዓት ችግር ከሦስቱ በጣም የሚያታልለው ነው፤ የሚታይበት ቦታና የሚፈጠርበት ቦታ የተለያየ ነውና። ያልተነበቡት ከ56 እስከ 65 ያሉት ናቸው። ሰዓቱ የጠፋው ግን እዚያ አይደለም። ተማሪዋ ኅዳግ ላይ የጻፈችውን ስናይ የመጀመሪያዎቹ 10 ጥያቄዎች 25 ደቂቃ፣ ከ11 እስከ 20 ያሉት ደግሞ 41 ደቂቃ ወስደዋል። በዚያ መሐል ያለውን ራፍ ስናገላብጥ አንድ ሙሉ ገጽ የፈጀ ሥራ እናገኛለን፤ 18ኛው ጥያቄ፦

`x + y + z = 6`
`2x − y + z = 3`
`x + 2y − z = 2`

ተማሪዋ ዲተርሚናንት አውጥታ፣ አንድ ቦታ ተሳስታ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ በትክክል `(1, 2, 3)` ላይ ደረሰች። ጥያቄውን አገኘችው፤ ስለዚህ የስህተት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ሌሎች ጥያቄዎችን ያስከፈላት ይኸው ነው። ምርጫዎቹ `(2, 1, 3)`፣ `(3, 2, 1)`፣ `(1, 3, 2)` እና `(1, 2, 3)` ነበሩ። አራቱም ሲደመሩ 6 ስለሚሆኑ የመጀመሪያው መስመር አይለያቸውም። በሁለተኛው መስመር ሲተኩ ግን በቅደም ተከተል 6፣ 5፣ 1 እና 3 ይመጣል፤ 3 የሚሰጠው የመጨረሻው ብቻ ነው። ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ሥራ ነው።

ስለዚህ በሰዓት ረድፍ የሚመዘገበው ያልተነበበው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን የበላውም ነው፣ በትክክል የተመለሰ ቢሆን እንኳ። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አጭር መንገድ ነበረው ወይ? ከነበረ መንገዱ ይጻፋል። ካልነበረው ደግሞ መቼ ተትቶ መታለፍ ነበረበት? ለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ወስኖ የሚገባበት ገደብ ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ 3 ደቂቃ ሠርቶ መጨረሻው ካልታየው ምልክት አድርጎ ያልፋል፣ ሁሉንም ካዳረሰ በኋላ ይመለስበታል። በርትቶ መቀመጥ ለጥናት ጥሩ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ሦስት እጥፍ ሰዓት መስጠት ግን በፈተና ላይ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችን መስጠት ነው። አዝግሞ መሥራትም አንዳንዴ ያልገባ ነገር ምልክት ነው። በየአንዱ ምዕራፍ ጥያቄ ላይ ሁልጊዜ የሚዘገይ ልጅ ፍጥነት ሳይሆን ዘዴ ነው ያጠረው።

ደብተሩ ራሱ የተወሳሰበ መሆን የለበትም። መስመር ባለው ተራ ደብተር ላይ ዓመተ ምሕረቱና የጥያቄው ቁጥር፣ ምዕራፉ፣ ከሦስቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ለምን እንደተሳተ የሚናገር አንድ መስመርና የሚደገምበት ቀን ይበቃሉ። የመጨረሻው ረድፍ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚቀር ቢሆንም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ማየት ግን አይጠቅምም፤ መልሱ `x ≤ −5` ወይም `x > −2` እንደሆነ ተማሪዋ በቃሏ ይዛዋለች። ቁጥሩ ተለውጦ ይሰጣት፦

`(x + 1)/(x − 3) ≥ 2`

የቀድሞው እምነት አሁንም ካለ በ`x − 3` ታባዛና `x ≤ 7` ትላለች። ከለቀቃት `3 < x ≤ 7` ላይ ትደርሳለች። ሁለቱ መልሶች ስለሚለያዩ ጥያቄው የቱ እምነት እንዳለ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አስጠኚ ወይም መምህር በቀላሉ ያዘጋጃል፤ ከሌላ ዓመት ወረቀት ላይ መፈለግም ይቻላል። አንድ ረድፍ የሚዘጋው ተለዋጩ ጥያቄ ከሳምንት በኋላ አንዴ፣ ከወር በኋላ ደግሞ አንዴ በትክክል ሲሠራ ነው። አንዴ ብቻ ተሠርቶ የተዘጋ ረድፍ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ከመመዝገብ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። በገበያና በስልክ የሚዞሩ የቀድሞ ፈተናዎች ላይ ያሉት መልሶች በማን እንደተሠሩ አይታወቅም፤ የተሳሳቱም አሉባቸው። ተማሪው ዳግም ሠርቶ ያንኑ መልስ ካገኘና በመተካት ሲያጣራው የሚሠራ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ለብቻው ሠርቶ ከደገፈው፣ የተሳሳተው የመልስ ዝርዝሩ ነው። ያለበለዚያ ትክክል የነበረውን ነገር «አልገባኝም» ብሎ መዝግቦ ለማረም ይታገላል። ሥርዓተ ትምህርቱም ስለተለወጠ ከአሁኑ መጽሐፍ የወጣ ርዕስ ያለበት የቆየ ወረቀት ላይ የተሳተ ጥያቄ ወደ ደብተሩ መግባት የለበትም። መጽሐፉ ማውጫ ላይ አይቶ ማረጋገጥ ይበቃል።

አንድ ወረቀት በዚህ መልክ ሲሠራ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ አንዱ ለፈተናው፣ አንዱ ለድጋሚው፣ የቀረው ለምዝገባና ወደ መጽሐፉ ለመመለስ። በዚያው ጊዜ ሦስት ወረቀት ሊጨርስ የሚችል ተማሪ ይህን ሲሰማ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። የትኛው እንደሚሻል ግን በሁለተኛው ወረቀት ላይ ይታያል። የሚታየውም ጠቅላላ ውጤቱ ላይ አይደለም፤ የጥያቄዎቹ ክብደት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ 36 ወደ 39 ቢያድግ ምንም ላይናገር ይችላል። የሚታየው ባለፈው ደብተር ላይ ተመዝግቦ የነበረው ያው እምነት በአዲሱ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ሲቆጠር ነው። ተማሪዋ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ያገኘቻቸውን ኢንኢኳሊቲዎች ሳታባዛ ከሠራቻቸው ያ ረድፍ ሥራውን ሠርቷል፤ እንደገና ካባዛች ደግሞ ሦስተኛውን ወረቀት ከማንሳቷ በፊት ወደ መጽሐፉ ትመለሳለች።